ጸሐፊያችን ልከዋል፣ ደብዳቤው ግን አልደረሰም

ይሄ ረዘም ያለ ፖስት ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የእድር፣ የማኅበር ወይም የድሮ ትምህርት ቤት ጓደኞች የኢሜይል ሊስት ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ ደግሞ ሰርቨሩን በትርፍ ሰዓታችሁ የምታንቀሳቅሱ፣ እናንተን እያሰብኩ ነው የምጽፈው። «ከላኪው ስም አጠገብ via የምትል ነገር ከየት መጣች?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝም መልሱ እዚህ ውስጥ አለ።

የኛ እድር ሜሪላንድ ውስጥ ነው። 118 ቤተሰብ ነን። ድሮ ማስታወቂያው ሁሉ የሚሄደው በያሁ ግሩፕስ ነበር። እሱ በዲሴምበር 2020 ሲዘጋ ከአባላቱ አንዱ ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ሜይልማን 3ን ተከለና ሁላችንንም ወደዚያ አዛወረን። (አዎ፣ ቴሌግራምም አለን። ግን ቴሌግራሙ ላይ የሚበዛው ቀልድ፣ ፖለቲካና የልደት ኬክ ነው። በደንባችን መሠረት አንድ አባል ተነግሮታል የሚባለው በኢሜይል ሲላክለት ነው፤ ትልልቆቹ አባሎቻችንም የሚያነቡት እሱን ነው።) ያ ልጅ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ ሰርቨሩ ዝም ብሎ እየሠራ ቀረ። እኔ የተጠራሁት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

የተበላሸው እንዲህ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አባል እናታቸው አዲስ አበባ አረፉ። የእድሩ ጸሐፊ ነርስ ናቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ከመሥሪያ ቤታቸው ኢሜይል ማስታወቂያውን ላኩ። ረቡዕ ለቅሶ የሚደረስበትን ቤት አድራሻ፣ ሐሙስ የምግብ ተራውን፣ ዓርብ መኪና ለሌላቸው ማን ማንን እንደሚያመጣ፣ ቅዳሜ ደግሞ የእሑዱን ፕሮግራም ላኩ። አምስት ቀን፣ አምስት ደብዳቤ። እሑድ ከ118 ቤት የመጣው ሠላሳ ቢሞላ ነው፤ ከነሱም ብዙዎቹ በስልክ የሰሙ ናቸው።

ለቅሶ መቅረት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ጋሼ ለማንም ምንም አላሉም፤ ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ ነው የከበደው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከማንም ቤት ቀርተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጸሐፊዋ ስልካቸውን እያሳዩ «ይኸው ልኬአለሁ» ይላሉ። ሰዉ «ኧረ አልደረሰኝም» ይላል። አንዳንዱ «ስፓም ውስጥም ፈልጌ አጣሁት» እያለ ይምላል። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የሊስቱን ማኅደር ነው። አምስቱም ደብዳቤ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ሰርቨሩ ከጸሐፊዋ ተቀብሏል፤ ችግሩ ያለው ከሰርቨሩ ወደ አባላቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ የፖስትፊክስን መዝገብ ከፈትኩ፦

```
grep 'status=bounced' /var/log/mail.log
```

ለማክሰኞው ደብዳቤ ብቻ 83 መስመር ወጣ። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሉት አንድ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ላለማንሳት `work.example` ብዬ ቀይሬዋለሁ፦

```
550-5.7.26 Unauthenticated email from work.example is not
accepted due to domain's DMARC policy.
```

ይቺን መስመር ያየ ሰው ቶሎ «የሰርቨሩ አይፒ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል» ይላል። አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳይ ቀላል ምልክት አለ። በዚያው ሳምንት ገንዘብ ያዣችን ከጂሜይል አድራሻቸው አንድ ማሳሰቢያ ልከው ነበር፤ ለሁሉም ደርሷል። ሰርቨሩ ያው ነው፣ ሊስቱ ያው ነው፣ ተቀባዮቹም እነዚያው 83 ሰዎች ናቸው። የተለየው ላኪው ብቻ ነው። የአይፒ ችግር ቢሆን ሁለቱም ይወድቁ ነበር። አንዱ ላኪ ሲያልፍ ሌላው ብቻ ከወደቀ፣ መጠየቅ ያለበት የላኪው ዶሜይን ነው። እሱን መጠየቅ ደግሞ አንድ ትዕዛዝ ነው፦

```
dig +short TXT _dmarc.work.example
"v=DMARC1; p=reject; rua=mailto:..."
```

`p=reject` ይላል። በዚያው ወር የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል ከ`p=none` ወደ `p=reject` አጥብቆት ነው። መብታቸው ነው፤ በስማቸው ለሕመምተኛ የውሸት ደብዳቤ እንዳይላክ የሚከላከሉበት መንገድ ነው። ለዚህ ነው እኛ ሰርቨር ላይ ምንም ሳይነካ፣ ትናንት የሚሠራው ዛሬ የቆመው።

አሁን ነገሩ ለምን እንደሚወድቅ ላስረዳ። ኢሜይል እንደ ወረቀት ደብዳቤ ሁለት የላኪ አድራሻ አለው፤ አንዱ ፖስታው ላይ፣ አንዱ ውስጥ ወረቀቱ ላይ። የፖስታው አድራሻ ደብዳቤው ካልደረሰ የሚመለስበት ነው፤ አንባቢው አያየውም። የወረቀቱ From የሚለው ነው፤ ስልካችሁ ላይ የምታዩት እሱን ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው ምርመራ የሚያየው ፖስታውን ነው፦ «ይሄ ሰርቨር በዚህ ዶሜይን ስም መላክ ተፈቅዶለታል ወይ?» ዲኪም ደግሞ ማኅተም ነው፤ የላኪው ሰርቨር ርዕሱንና የደብዳቤውን አካል አስልቶ ይፈርምበታል፤ በመንገድ ላይ አንድ ፊደል ከተቀየረ ማኅተሙ ይሰበራል። ዲማርክ በሁለቱ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ማለፍ አለበት፣ ያለፈውም አንባቢው ከሚያየው ከ From ዶሜይን ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ዶሜይኑ «መልሱት» ካለ ይመለሳል።

እንግዲህ ሊስት ምን ያደርጋል? የጸሐፊዋን ደብዳቤ ተቀብሎ በራሱ ፖስታ ከትቶ ለ118 ሰው ይልካል። ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ የሊስቱ ስለሆነ ኤስፒኤፍ ያልፋል፤ ግን የሚያልፈው በሊስቱ ዶሜይን ስም ነው፤ From ላይ ካለው ከ`work.example` ጋር አይገጥምም። ርዕሱ ላይ `[Edir]` የምትል ቃል ይጨምራል፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የገንዘብ ያዣችንን ስልክ። ማኅተሙ እዚያው ተሰበረ። ሁለቱም መንገድ ተዘጋ። ተቀባዩ ሰርቨር በተነገረው መሠረት ልክ ነው የሠራው።

ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። በኤፕሪል 2014 ያሁ ለ yahoo.com ተጠቃሚዎቹ ሁሉ `p=reject` አወጀ፤ በዚያው ወር ኤኦኤል ተከተለ። ያኔ በዓለም ላይ ያሉ የኢሜይል ሊስቶች በአንድ ሳምንት ተተራመሱ። ያኔ የኛ ሰው ከአገር ቤት እስከ አሜሪካ ያሁ ይወድ ስለነበር እኛም ቀምሰናታል፤ ምክንያቱን ግን ያወቀ ጥቂት ነው። ሜይልማን በቀጣዩ ወር ባወጣው 2.1.18 ላይ የ From መቀየሪያውን የላኪውን ዶሜይን ፖሊሲ እያየ እንዲሠራ አደረገው። ዛሬ ሜይልማን 3 ውስጥም አለ። እኛ ሰርቨር ላይ ግን ከተተከለበት ቀን ጀምሮ «No DMARC mitigations» የሚለው ላይ ነበር። ብዙ ቦታ እንደዚያው ነው፤ ሊስት ሲፈጠር የሚመጣው እሱ ስለሆነ።

ወደ መፍትሔው ከመሄዴ በፊት ግን ከጠፉት ደብዳቤዎች የባሰ አንድ ነገር አለ። እሱን ብዙ ሰው አያስተውልም።

የተመለሰ ደብዳቤ የሚመለሰው ወደ ጸሐፊዋ አይደለም። ፖስታው ላይ ያለው የሊስቱ አድራሻ ነው ብያለሁ፤ የሚመለሰው ወደ ሜይልማን ነው። ሜይልማን ደግሞ «የዚህ ሰው አድራሻ ሞቷል» ብሎ ነው የሚረዳው። ለእያንዳንዱ አባል ነጥብ ይይዛል፤ በቀን ከአንድ በላይ አይቆጥርም። አምስት ሲሞላ ለዚያ ሰው መላክ ያቆማል። መነሻው አምስት ነው። አሁን ቀኖቹን ቁጠሩ፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ።

ጸሐፊያችን በሌላ ሳምንት እንዲህ በየቀኑ አይጽፉም። በየቀኑ የሚጽፉት ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ ምንም ያላጠፉ 83 ሰዎች፣ ኢንቦክሳቸው ደህና የሆነ፣ ቅዳሜ ማታ ከሊስቱ ተቋረጡ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዣው ከጂሜይል ቢልኩ እንኳን አይደርሳቸውም። ሜይልማን በየሰባት ቀኑ ሦስት ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ ጨርሶ ያስወጣል። የማስጠንቀቂያው From ራሱ ሊስቱ ስለሆነ ያ ደብዳቤ ያለችግር ይደርሳል! ሰዉ ግን በእንግሊዝኛ «መላክ አቁመናል» የሚል ነገር ሲያይ አጭበርባሪ መስሎት ደለተው። ልጆቻቸው «የማታውቁትን ደብዳቤ አትመኑ» ብለው አስተምረዋቸዋል፤ ትክክል ናቸው። ለአስተዳዳሪውም 83 ማስታወቂያ ሄዷል፤ ማንም ወደማይከፍተው ወደ ድሮው ልጅ አድራሻ።

እኔ ስደርስ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር የተላከው። ስለዚህ ሁሉንም መልሼ ከፈትኩላቸው፣ ነጥባቸውን ዜሮ አደረግኩ፣ የአስተዳዳሪውንም አድራሻ ሰው ወደሚያነበው ቀየርኩ። ይሄን ሳታደርጉ From ብቻ ብታስተካክሉ መላኩ ይስተካከላል፤ የተቋረጡት ሰዎች ግን ተቋርጠው ይቀራሉ።

አሁን መፍትሔው። ለኮሚቴው ሦስት መንገድ ነበር ያቀረብኩት።

አንደኛው ማኅተሙን አለመንካት ነው። `[Edir]` የምትለውን ከርዕሱ ማንሳት፣ የግርጌውን ስልክ ማንሳት፣ ደብዳቤውን እንደመጣ ማሳለፍ። ያኔ ዲኪሙ ሳይሰበር ይደርሳል፣ From መቀየርም አያስፈልግም። ንጹሕ መንገድ ነው፤ በልቤ የምወደው እሱን ነበር። ግን የሚሠራው ላኪው በዲኪም በትክክል የሚፈርም ከሆነ ብቻ ነው። ኮሚቴውም «ሰው ደብዳቤውን የሚለየው በ`[Edir]` ነው፤ ስልኩም ይኑር» አለ። እውነታቸውን ነው። ለአንድ የሰባ ዓመት ሰው በሺህ ማስታወቂያ መሃል የእድሩን ደብዳቤ የምታሳየው ያቺ ቃል ናት።

ሁለተኛው መጠቅለል ነው። ሊስቱ በራሱ ስም አዲስ ደብዳቤ ይጽፍና የጸሐፊዋን ደብዳቤ እንዳለ በአባሪነት ያያይዛል። በወረቀት ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ሞከርኩት፤ ባዶ ደብዳቤና አንድ የማይከፈት ፋይል ነው የሚታየው። እሱን እዚያው ተውነው።

ሦስተኛው From መቀየር ነው። የተቀበልነውም እሱን ነው። ፖስቶሪየስ ውስጥ የሊስቱ Settings ላይ «DMARC Mitigations» የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ «Replace From: with list address» የሚለውን መረጥኩ። የጸሐፊዋ ደብዳቤ ሲገባ እንዲህ ነው፦

```
From: Tsehafi <tsehafi@work.example>
```

ሲወጣ እንዲህ ይሆናል፦

```
From: Tsehafi via Edir <edir@lists.example.org>
Reply-To: Tsehafi <tsehafi@work.example>
```

አሁን አንባቢው የሚያየው ዶሜይን የሊስቱ ነው፤ ፖስታውም የሊስቱ ነው፤ ኤስፒኤፍ ይገጥማል። በላዩ ላይ ሰርቨሩ የራሱን የዲኪም ማኅተም እንዲያትም አደረግኩ፤ አንዱ በሆነ ምክንያት ቢሰበር ሌላው እንዲይዝ። መሥራቱን ለማወቅ አንድ ደብዳቤ ወደ ራሴ ጂሜይል ልኬ «Show original» አልኩ፤ `dmarc=pass` ብሎ ከጎኑ `header.from=lists.example.org` ካለ አልቋል።

ከኮሚቴው አንድ አዛውንት «ታዲያ የሰው ስም ቀይሮ መላክ ማጭበርበር አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመለስኩላቸው በሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ሲዞር «የእገሌ እናት አርፈዋልና ውጡ» የሚለው በራሱ ድምፅ ነው። የሐዘንተኛውን ድምፅ አስመስሎ አይጮህም፤ ቢያስመስልማ ያኔ ነበር የሚያስጠረጥረው። ሊስቱ እስከዛሬ ሲያደርግ የነበረው ማስመሰሉን ነው። አሁን ግን በራሱ ድምፅ፣ የማን ቃል እንደሆነ ጠቅሶ ይናገራል። ሳቁና «እሺ» አሉ።

በዚያው ገጽ ላይ ለሁሉም ላኪ ይቀየር ወይስ አስፈላጊ ለሆነው ብቻ የሚል ምርጫ አለ። ብዙ አስተዳዳሪዎች «ለሁሉም ይሁን፣ ወጥ ይሆናል» ይላሉ። እኔ አልተስማማሁም። ሜይልማን እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲመጣ የላኪውን ዶሜይን እዚያው ይጠይቃል፤ `p=reject` ወይም `p=quarantine` ካለ ይቀይራል፣ ካላለ እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢያጠብቅ እኔ ሳልነካው ራሱ ይይዘዋል። ጂሜይል ለ gmail.com ያወጀው `p=none` ስለሆነ አብዛኞቹ አባሎቻችን በእውነተኛ አድራሻቸው ይቀጥላሉ። From በተቀየረ ቁጥር አንድ ነገር ይጠፋልና፣ በማያስፈልግበት ቦታ ለምን ይጥፋ?

የሚጠፋውን ነገር ነው አሁን የምናገረው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ከቴክኒክ ይልቅ ስለ ሰው ነው።

መልስ ሲሰጥ የት ይሄዳል? እኛ ሊስቱን ያቆምነው መልስ ለጸሐፊው ብቻ እንዲሄድ ነው፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ሲሞት 117 «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ለሁሉም ሰው ይሄዳል። ለዚህ ነው ሜይልማን የጸሐፊዋን አድራሻ Reply-To ላይ ያስቀመጠው። የናንተ ሊስት መልሱን ለሁሉም የሚመልስ ከሆነ ግን አድራሻቸውን Cc ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ «መልስ» ሲጫን ነገሩ ድሮ ወደሚሄድበት እንዲሄድ እየሞከረ ነው። በሁሉም የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ግን አይሳካለትም።

«መልስ» ከመጫን የበለጠ ያሳሰበኝ የስልክ ማስታወሻ ነው። ስልክ የላከላችሁን ሰው ስምና አድራሻ በራሱ ይይዛል። «Tsehafi via Edir» ሲል የያዘው የሊስቱን አድራሻ ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው ለጸሐፊዋ የግል ነገር ሊጽፍ ስማቸውን ሲጀምር ስልኩ ያንን ያቀርብለታል። ስሙ የሳቸው ነው፤ ደብዳቤው የሚሄደው ግን ለ118 ቤት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ማጣሪያ አስገባሁ። «Header filters» የሚለው ላይ፣ To በሚለው መስመር ውስጥ ` via Edir` የሚል ካለ ደብዳቤው እንዲታገድና እኔ እንዳየው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ለሊስቱ ብሎ ሲጽፍ ተቀባዩን «Edir» ነው የሚለው፤ «እገሌ via Edir» ብሎ የጻፈ ሰው እገሌን ነው የፈለገው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ታገደ። ከፍቼ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አነበብኩ፦ ሥራ እንዳቆሙ፣ የሦስት ወር መዋጮ መክፈል እንደማይችሉ፣ ለማንም እንዳይነገርባቸው የሚጠይቅ አባል ነበሩ። ደብዳቤውን አጠፋሁትና ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ የላኩት ለጸሐፊዋ አልሄደም፤ ለማንም አልሄደም። በዚህ አድራሻ እንደገና ይላኩት» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ማንም አላየውም?» አሉ። «ማንም» አልኳቸው። ያቺ አንዲት የማጣሪያ መስመር ከሰርቨሩ ሁሉ የምወዳት ናት።

ትንሽ ነገርም አለ። አባሉ ስሙን ኢሜይሉ ላይ ካልሞላ ሜይልማን ከአድራሻው ላይ ቆርጦ `gash1950--- via Edir` የመሰለ ነገር ይሠራል። ሰው ያንን ሲያይ ይደነግጣል። መድኃኒቱ የአባላት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ስማቸውን መሙላት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይፈጃል።

የመጨረሻው ነገር ግን ትንሽ አይደለም፤ ከተለያዩ የእድርና የማኅበር አስተዳዳሪዎች ጋር ሳወራ አብዛኛው ያላሰበበት እሱን ነው። From ስትቀይሩ ደብዳቤው ላይ ያለው ዋስትና የላኪው መሆኑ ቀርቶ የናንተ ይሆናል። አንድ አጭበርባሪ የጸሐፊዋን አድራሻ አስመስሎ «የእድሩ አካውንት ተቀይሯል፣ የዚህን ወር መዋጮ እዚህ ላኩ» ብሎ ለሊስቱ ቢልክስ? ሜይልማን አባል መሆኑን የሚለየው ከላይ በተጻፈው አድራሻ ነው፤ አባል ነው ብሎ ያሳልፋል። ከዚያ From ይቀይራል፣ የራሳችንን ማኅተም ያትምበታል፣ ለ118 ሰው `dmarc=pass` ብሎ ይልካል። ድሮ ቢሆን ተቀባዩ ሰርቨር ያንን የውሸት ደብዳቤ ይመልሰው ነበር። አሁን ውሸቱን አጥበን ያሳለፍነው እኛ ነን።

ስለዚህ ምርመራው ወደ ሰርቨራችን መግቢያ በር መምጣት አለበት። ደብዳቤ ሜይልማን ጋ ከመድረሱ በፊት አርስፓምዲ ዲኪሙንና ዲማርኩን ያያል፤ `p=reject` ካለ ዶሜይን መጥቶ ያላለፈውን በሩ ላይ ይመልሰዋል። ግን ይሄ `p=none` ያሉትን አይሸፍንም፤ እነሱ «አትመልሱ» ብለዋልና። የገንዘብ ያዣችን አድራሻ ደግሞ ከነሱ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ያዡንና የጸሐፊዋን ደብዳቤ በሙሉ «Hold» ላይ አድርጌዋለሁ። ስለ ሞት ከሆነ ወዲያው አሳልፋለሁ፤ እኔ ሥራ ላይ ከሆንኩ ምክትሌ ታሳልፋለች። የባንክ ቁጥር ካለበት ግን በስልክ ደውዬ ድምፃቸውን ሳልሰማ አላሳልፍም። ገንዘብ ያዡ መጀመሪያ ላይ ተቆጥተው ነበር፤ «እኔን ነው የምትጠረጥረው?» አሉኝ። አሁን ራሳቸው «ላክሁ፣ ደውልልኝ» ይላሉ።

«ኤአርሲ የሚባለው አለ አይደል፣ እሱ አይሻልም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ2019 ወጥቷል፤ ሊስቱ «ሲደርሰኝ ማኅተሙ ደህና ነበር» ብሎ የሚመሰክርበት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ምስክርነቱ የሚሠራው ተቀባዩ ምስክሩን ካመነው ነው፤ የ118 ቤተሰብ እድር የተከራያትን ትንሽ ሰርቨር ደግሞ ትልልቆቹ አያውቋትም። እኔም አስገብቼዋለሁ፤ አይጎዳም። በሱ ተማምኜ ግን From መቀየሩን አላቆምም።

ሊስት የምታስተዳድሩ ካላችሁ ዛሬ ማታ የአባላታችሁን አድራሻ አውጡና ከ@ በኋላ ያለውን እየወሰዳችሁ በላይኛው የ`dig` ትዕዛዝ ጠይቁት። አዘውትረው የሚጽፉትን አስቀድሙ፤ የኛም ችግር ያለው አንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ሁሉንም የሚጽፉት ሆኑ። ከዚያ በተመላሽ ምክንያት የተቋረጠ አባል እንዳለ እዩ። 550 የሚል መስመር ከገጠማችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን፤ የሰው አድራሻ ግን ደምስሳችሁ።